ከቤዝመንት ስትወጡ ምስክራችሁን ይዛችሁ ውጡ

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሜሪላንዱ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በቨርጂኒያው አሌክሳንድሪያ፣ አዲስ የመጣ ሐበሻ መጀመሪያ የሚያርፈው ብዙውን ጊዜ በሌላ ሐበሻ ቤት ነው። ወይ ቤዝመንት ነው፣ ወይ ከላይ ፎቅ አንድ ክፍል። ቤቱ የሚገኘው በወዳጅ ጥቆማ፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ትውውቅ፣ አለዚያም በሐበሻ መደብር በር ላይ በተለጠፈ ወረቀት ነው። ክሬዲት የሚጠይቅ የለም፤ ሊዝም አይፈረም። ኪራዩ ወር በገባ ቁጥር በእጅ ወይም በዜል ይከፈላል። አገሩን ገና ላላወቀ ሰው እንዲህ ያለ በር መከፈቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙዎቻችን በዚያ በር ነው የገባነው።

ጣጣው የሚመጣው ሲወጡ ነው። ሥራው ሲደላደል፣ ልጅ ሲወለድ ወይም ቤተሰብ ከአገር ቤት ሲመጣ የራስን አፓርትመንት መፈለግ አይቀርም። ያን ጊዜ የሚሞላው ማመልከቻ ያለፉትን ጥቂት ዓመታት አድራሻ፣ የአከራዩን ስምና ስልክ፣ የተከፈለውን ኪራይና የለቀቁበትን ምክንያት ይጠይቃል። ሦስት ዓመት አንድም ወር ሳያዛባ የከፈለ ሰው በወረቀት ሲታይ ግን የትም ያልኖረ ሰው ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ የቀድሞ አከራይን ምስክርነት መጠየቅ ለኛ ሰው ከሌላው ይልቅ ይከብዳል፣ ከሌላውም ይልቅ ያስፈልገዋል።

መጀመሪያ ጠያቂው ምን ማወቅ እንደሚፈልግ እንይ። የአፓርትመንቱ ቢሮ ለቀድሞ አከራይ የሚልከው ቅጽ ብዙ ጊዜ ከአንድ ገጽ አያልፍም። ተከራዩ ከመቼ እስከ መቼ ኖረ? በወር ስንት ይከፍል ነበር? ስንት ጊዜ ዘገየ? ስንቅ የሌለው ቼክ ሰጥቶ ያውቃል? የጎረቤት ስሞታ ወይም ማስጠንቀቂያ ደርሶበት ነበር? በቤቱ ላይ ጉዳት አድርሷል? ሲወጣ በጊዜው አስታውቋል? ያልከፈለው ዕዳ አለ? መጨረሻ ላይ ደግሞ ከሁሉ የምትከብደው ጥያቄ ትመጣለች፤ ቤቱን ዳግመኛ ታከራየዋለህ? ሌላው መልስ ሁሉ መልካም ሆኖ እዚህ ላይ «አላከራይም» የሚል ከተጻፈ ቢሮው ከዚያ በኋላ ሌላ አይጠይቅም።

አሁን ይህን ቅጽ አንድ የኛ አከራይ በቅን ልቦና ከሚጽፈው ደብዳቤ ጋር አስተያዩት። «እጅግ ጨዋ፣ እግዚአብሔርን የምትፈራ፣ እንደ ልጄ የማያት ናት፤ ለማንም ሰው አደራ እላለሁ» ይላል። ከልብ የወጣ ምርቃት ነው። ለቢሮው ግን ቀን የለውም፣ ገንዘብ የለውም፣ የሚጣራ ነገር የለውም። ይባስ ብሎ «እንደ ልጄ» የምትለዋ ቃል ልትጎዳ ትችላለች። ቢሮዎች የዘመድ ምስክርነት አይቀበሉም፤ አንባቢው የአክብሮት አነጋገራችንን ስለማያውቅ አከራይዋ የተከራይዋ ዘመድ ናት ብሎ ሊጠረጥር ይችላል። ስለ ጠባይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ የቀረውን ቀንና ቁጥር ይሙላው።

የመጠየቂያው ጊዜም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ አፕላይ ያደርጋል፣ የማመልከቻ ክፍያውን ይከፍላል፣ ከዚያ የቀድሞ አከራዩን ስልክ ቅጹ ላይ ጽፎ ዝም ይላል። አከራዩ ምንም አልሰማም። ከማያውቀው ቁጥር ሲደወልለት የማጭበርበሪያ ስልክ መስሎት አያነሳም፤ ቢሮው ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሮ ይተወዋል። ወይም ደግሞ አከራይዋ ለገና አገር ቤት ሄደዋል፣ የአሜሪካው ስልካቸውም ተዘግቷል። ማመልከቻው «አልተረጋገጠም» ተብሎ ሲቀመጥ ቤቱ ለሌላ ይሰጣል። የማመልከቻው ክፍያ ደግሞ በአብዛኛው አይመለስም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ። በመጀመሪያ አከራዩን ጠይቁ፤ ምን እንደሚሉ እወቁ፤ ደብዳቤውን በእጃችሁ ያዙ፤ አፕላይ የምታደርጉት ከዚያ በኋላ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ቁልፍ በምታስረክቡበት ሳምንት መጠየቅ ነው፤ ቤቱ ንጹሕ መሆኑን አከራዩ ያኔ በዓይናቸው አይተውታል፣ ቀኖቹም ገና አልተረሱም።

አጠያየቁ ቀላል ይመስላል፤ ይሉኝታ ግን ሁለቱንም ወገን ይይዛል። ተከራዩ ማስቸገር ይሆንብኛል ይላል፣ አከራዩ ደግሞ እምቢ ማለት ያፍራል። «እሺ፣ ምን ችግር አለው» የሚል መልስ ሰምታችሁ ወር ሙሉ ልትጠብቁ ትችላላችሁ፤ ያ እሺታ ለእምቢታ የተሰጠ የጨዋ ስም ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ የሚታወቀው ጥያቄው ዝርዝር ሲኖረው ነው። እንዲህ ማለት ይቻላል፦

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? በዚህ ወር መጨረሻ ለአንድ አፓርትመንት ላመለክት ነው። የድሮ አከራይ ምስክር ይፈልጋሉ። ከመቼ እስከ መቼ እንደኖርኩ፣ ስንት እከፍል እንደነበርና ዕዳ እንደሌለብኝ የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ነው። ረቂቁን በእንግሊዝኛ አዘጋጅቼ እልክልዎታለሁ፤ ያልተስማማዎትን ያርሙትና ይፈርሙልኛል። ቢሮው ቢደውል ደግሞ በስልክ ሊያረጋግጡልኝ ፈቃደኛ ነዎት? የማይመችዎት ከሆነ በግልጽ ይንገሩኝ፣ ቅር አይለኝም።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ለመልካም ጠባይ ብቻ የገባች አይደለችም። በአሜሪካ የግል አከራይ ለቀድሞ ተከራዩ ምስክርነት እንዲጽፍ በጥቅሉ ሕግ አያስገድደውም፤ መጻፍ ፈቃዱ ነው። ስለዚህ የማይፈልግ ሰው ዛሬ እምቢ ቢል ይሻላል፤ ቢሮው ሲደውል በስልክ ላይ የሚያንገራግር ምስክር ምስክር ከሌለው ይብሳል። ረቂቁን ራስን ችሎ ማዘጋጀትም ነውር የለበትም። አከራይዋ እውነት መሆኑን አይተው እስከፈረሙ ድረስ ደብዳቤው የእርሳቸው ነው። እንግሊዝኛ መጻፍ ለሚከብዳቸው ሰው ደግሞ ትልቅ እፎይታ ነው።

አንዳንድ አከራይ ግን ተከራዩን እየወደደ እንኳን አይጽፍም፤ ምክንያቱን ደግሞ አይናገርም። ብዙውን ጊዜ ፍርሃት ነው። በሞንጎመሪ ካውንቲም ሆነ በዲሲ ቤት የሚያከራይ ሰው የማከራያ ፈቃድ እንዲያወጣ ይጠበቅበታል። ፈቃድ የሌለው ቤዝመንት ብዙ ነው። የኪራዩን ገቢ ለግብር ሳያስታውቅ የኖረም አለ። እንዲህ ያለ ሰው ስሙንና አድራሻውን ጽፎ፣ «በወር ይህን ያህል ዶላር ተቀብያለሁ» ብሎ መፈረም በራሱ ላይ ማስረጃ መስጠት ይመስለዋል። ደብዳቤው የሚሄደው ወደ አፓርትመንት ቢሮ እንጂ ወደ ካውንቲ ወይም ወደ ግብር መሥሪያ ቤት አለመሆኑን ማስረዳት ይቻላል፤ ከዚያ አልፎ ማስጨነቅ ግን አይገባም። በቃል ብቻ ልመስክር ካሉ የቃሉን ተቀበሉ። መቀበል የሌለባችሁ ሌላ ነገር ነው። አከራዩ በፍርሃት 1,050 ዶላር የነበረውን ኪራይ «600 ነበር» ብሎ ሊናገር ይችላል። የናንተ ማመልከቻ 1,050 ይላል፣ የባንክ ወረቀታችሁም እንደዚያው። ቢሮው ሁለቱን ቁጥሮች ሲያገናኝ የሚጠረጥረው አከራዩን አይደለም፤ እናንተን ነው። ስለዚህ ቁጥሩን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ እውነተኛውን መናገር ካልቻሉ ያ ምስክር ቢቀር ይሻላል።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንከተለው። በሲልቨር ስፕሪንግ ቤዝመንት ከሴፕቴምበር 2022 እስከ ኦገስት 2025 ሦስት ዓመት የኖረች ተከራይ አለች እንበል። ኪራይዋ መጀመሪያ 950 ዶላር ነበር፤ ከጃንዋሪ 2024 ወዲህ 1,050 ሆነ። የመጀመሪያውን ዓመት በእጅ ከፈለች፣ የቀረውን ሁለት ዓመት በዜል። ሁለት ጊዜ ደመወዝ ዘግይቶባት አምስት አምስት ቀን አሳልፋለች፤ ሁለቱንም አስቀድማ በቴክስት አስታውቃለች። አሁን የምትፈልገው አፓርትመንት ኪራይ 1,650 ዶላር ነው። ብዙ ቢሮዎች ገቢ የኪራዩን ሦስት እጥፍ እንዲሆን ይፈልጋሉና በወር 4,950 ዶላር ማሳየት ይኖርባታል፤ ይህን የክፍያ ወረቀቷ ያሟላል። የጎደላት የኪራይ ታሪክ ነው።

መጀመሪያ የምታደርገው ወደ ባንኳ መግባት ነው። የ24ቱን ወር የዜል ክፍያ ታወጣለች፤ እያንዳንዱ መቼ እንደተላከ፣ ለማን እንደተላከ ይታያል። የመጀመሪያው ዓመት ይከብዳል። በእጅ ለተከፈለው ደረሰኝ የላትም። ግን በየወሩ መጀመሪያ ከባንክ ያወጣችው 950 ዶላር በወረቀቱ ላይ አለ፤ «ደርሶኛል፣ ተባረኪ» የሚሉ የአከራይዋ ቴክስቶችም በስልኳ ላይ አሉ። ለብቻው ሙሉ ማስረጃ አይሆንም። ከአከራይዋ ደብዳቤ ጋር ሲቀርብ ግን አንዱ ሌላውን ይደግፋል።

ደብዳቤው ሲረቀቅ እንዲህ ይላል፦ እኔ ስሜ ይህ የሆነ፣ በዚህ አድራሻ የሚገኘው ቤት ባለቤት ነኝ። የተጠቀሰችው ተከራይ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2022 እስከ ኦገስት 31 ቀን 2025 ቤዝመንቴን ተከራይታ ኖራለች። ኪራይዋ በወር 950፣ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ 1,050 ዶላር ነበር። በሦስቱ ዓመት ሁለት ጊዜ ከአምስት ቀን ያልበለጠ መዘግየት የነበረ ሲሆን አስቀድማ አሳውቃኛለች። እንደምትለቅ ከሁለት ወር በፊት ነግራኛለች። ቤቱን በንጽሕና አስረክባኛለች፤ ዲፖዚቷን ሙሉ በሙሉ መልሼላታለሁ፤ ዕዳ የለባትም። ዝምድና የለንም። ዳግመኛ አከራያታለሁ። ለማረጋገጥ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ በዚህ ስልክ ይደውሉ። ፊርማና ቀን።

ሁለቱ መዘግየቶች መጻፋቸው ሊያስገርም ይችላል። መተው ግን አደጋ አለው፤ የዜሉ ቀን ያሳብቃልና። የተጻፈና ምክንያቱ የታወቀ አምስት ቀን ማንንም አያስደነግጥም፤ «አንድም ቀን ዘግይታ አታውቅም» የሚል ደብዳቤ ከባንክ ወረቀት ጋር ሲጋጭ ግን የቀረውን ሁሉ ያበላሻል። የስልክ ሰዓት መጻፉም ከንቱ አይደለም፤ አከራይዋ ሥራ ላይ ሳሉ ከሚመጣ ጥሪ ያድናል። አፕላይ በምታደርግበት ቀን ደግሞ የአፓርትመንቱን ስምና የቢሮውን ስልክ ለአከራይዋ ልካ «ከዚህ ቁጥር ይደወልልዎታል» ትላለች። ሌላው ሁሉ ተሟልቶ ነገሩ የሚሰናከለው ብዙ ጊዜ ይህች ስለምትረሳ ነው።

የኪራይ ታሪካችሁ ከትልቅ አፓርትመንት ጋር ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። እዚያ እትዬም ጋሼም የሉም፤ ቢሮው ቀኑንና ሒሳቡን ብቻ ይናገራል፣ ሥራ አስኪያጁም ሁለት ሦስቴ ተቀያይሯል። ሌጀር የሚባለውን፣ ወር በወር የተከፈለውንና የቀረውን የሚያሳየውን የሒሳብ መዝገብ በኢሜይል ጠይቁ። በቨርጂኒያ ሕግ ተከራይ ሲጠይቅ አከራይ ያለፉትን 12 ወራት፣ ኪራዩ ከዚያ ካነሰ ደግሞ የኖረበትን ጊዜ የክፍያ መግለጫ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ መስጠት አለበት። በዚያው ቨርጂኒያ በእጅ ወይም በመኒ ኦርደር የሚከፍል ተከራይ ከጠየቀ ደረሰኝ ይገባዋል። መዝገቡን ስታገኙ መጨረሻ ላይ ያለውን ቁጥር እዩ። ከወጣችሁ በኋላ የተጨመረ የውኃ ወይም የምንጣፍ ማጽጃ ሒሳብ ተንጠልጥሎ እናንተ ሳታውቁት «ዕዳ አለባት» ሊያስብል ይችላል።

የዲፖዚት ነገር የሚያበላሸው ምስክርነት ብዙ ነው። በኛ ሰፈር የተለመደ አንድ አሠራር አለ፤ ተከራዩ ሊወጣ ሲል «የመጨረሻውን ወር ከዲፖዚቱ ቁረጡት» ይላል። ከአከራዩ ጋር በጽሑፍ ከተስማሙ ምንም አይደለም። ሳይስማሙ ከተደረገ ግን አከራዩ የሚያስታውሰው የመጨረሻው ወር አለመከፈሉን ነው፤ ቅጹ ላይ የሚጽፈውም እርሱኑ ነው። ዲፖዚት የተቀመጠው ለጉዳት ነውና ለሚሰበረው ነገር ምንም አልቀረለትም። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ አከራይ ዲፖዚቱን ለመመለስ ወይም ከላዩ እንደሚቆርጥ ለማስታወቅ 45 ቀን አለው። ተከራይ ደግሞ በሦስተኛው ሳምንት ተበሳጭቶ ሲሳደብና በአሥረኛው ሳምንት ምስክርነት ሲለምን ማየት የተለመደ ነው። ቅሬታ ካላችሁ በጽሑፍ፣ በቁጥር፣ በረጋ ቃል አቅርቡት። መብታችሁን መተው የለባችሁም፤ ግን የዲፖዚቱ ክርክር ሳያልቅ ያንኑ ሰው ደብዳቤ መጠየቅ አይሠራም። በዚያ ጊዜ ከእርሱ በፊት የነበረውን አከራይ ፈልጉ።

እንዲያውም የበፊቱ አከራይ ቃል ከአሁኑ ይልቅ የሚታመንበት ጊዜ አለ። ልምድ ያላቸው የቢሮ ሰዎች አሁን ያለው አከራይ ተከራዩን ማስወጣት ስለሚፈልግ ብቻ ሊያሞግሰው እንደሚችል ያውቃሉ። ቤቱን አስረክቦ የተለያየው ሰው ግን የሚያተርፈው የለም። ስለዚህ ከሁለት ዓመት በፊት የለቀቃችሁት ቤት ባለቤት ስልክ እንዳይጠፋባችሁ።

ስለ ውሸት ምስክር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል፤ ሰዎችን ሲጎዳ አይቻለሁና። አከራዩ አልጽፍም ሲል «የጓደኛዬን ስልክ ልስጥ፣ እርሱ አከራይ ነኝ ይበል» የሚል ምክር በቀላሉ ይሰጣል። በሜሪላንድ የማንኛውም ቤት ባለቤት ስም በግዛቱ የንብረት ግምት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ አድራሻውን ያስገባ ሰው ስሙን በደቂቃ ያገኘዋል። የቨርጂኒያ ካውንቲዎችም ተመሳሳይ መዝገብ አላቸው። በማመልከቻው ላይ የሐሰት ነገር መጻፍ ውድቅ ለማድረግ ይበቃል፤ ከገቡ በኋላ ቢታወቅም ብዙ ሊዞች ውሉን ለማፍረስ ምክንያት ያደርጉታል። በእውነት ለኖራችሁበት ቤት የሐሰት ባለቤት መፍጠር እውነተኛውን ሦስት ዓመት ጭምር ያሳጣል።

አከራዩ በቁርጥ እምቢ ካለ፣ ከሞተ ወይም ከጠፋ ቢሮውን አስቀድማችሁ አነጋግሩ። «አከራዬ ምስክር ሊሆነኝ አልቻለም፤ የ12 ወር የባንክ ወረቀትና ደረሰኝ ላቅርብ?» በሉ። ትልልቆቹ በቁጥር ስለሚሠሩ ላይቀበሉ ይችላሉ፤ ጥቂት ቤት ያላቸው ባለንብረቶች ግን ብዙ ጊዜ ይሰማሉ። አንዳንዱ ዋስ የሚሆን ሰው ይቀበላል። «ዲፖዚት ልጨምር» የሚለው የድሮ መፍትሔ ግን በሜሪላንድ ጠቧል፤ ከኦክቶበር 2024 ወዲህ በተፈረመ ሊዝ ዲፖዚት ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከአንድ ወር ኪራይ ሊበልጥ አይችልም። በዲሲም ገደቡ አንድ ወር ነው፣ በቨርጂኒያ ሁለት።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ማመልከቻው ሊወድቅ ይችላል። ያን ጊዜ ምክንያቱን ጠይቁ። ቢሮው የተጠቀመው ከተከራይ አጣሪ ድርጅት የመጣ ሪፖርት ከሆነ፣ በ1970 የወጣው የፌዴራል ሕግ የውድቅታ ማስታወቂያና የድርጅቱን ስም እንዲሰጣችሁ ያስገድደዋል። በ60 ቀን ውስጥ ከጠየቃችሁ ሪፖርቱን በነጻ ታገኛላችሁ። ስሕተት ካለበት፣ ለምሳሌ የስም መመሳሰል የሌላ ሰው ፍርድ ቤት ጉዳይ ካመጣባችሁ፣ በጽሑፍ ትከራከራላችሁ፤ ድርጅቱ እንደ ደንቡ በ30 ቀን ውስጥ ማጣራት አለበት። ደውሎ የቀድሞ አከራያችሁን ያነጋገረው አጣሪ ድርጅቱ ከነበረም ያ ቃል የሪፖርቱ አካል ስለሆነ ታዩታላችሁ። የአፓርትመንቱ ሠራተኛ ራሱ ደውሎ የሰማው ከሆነ ግን ይህ ሕግ አይሸፍነውም፤ የተባለውን ለማወቅ ያለው መንገድ አከራዩን ራሳቸውን ደውሎ መጠየቅ ነው።